ዛላው 10 ኪሎ ነበር፤ ትርፉ የት ገባ?

«ሰላም እትዬ። ቀበና ነው የምኖረው። የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ1 ዓመት ከ7 ወር ወንድ ልጅ አሉኝ። ሥራ ካቆምኩ ወዲህ በርበሬ እያዘጋጀሁ ለጎረቤትና ለድሮ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ በቴሌግራም እሸጣለሁ። 10 ኪሎ ዛላ በ5,500 ብር ገዛሁ፣ ቅመሙ 1,330 ብር ፈጀ። ኪሎውን በ850 ብር ሸጥኩ። 1,670 ብር አተርፋለሁ ብዬ ነበር። ሸጬ ጨርሼ ሁለተኛ ዙር ልገዛ ስል ግን ለዛላው እንኳ የሚበቃ ብር እጄ ላይ የለም። ባለቤቴ ‹የት አደረግሽው?› ይለኛል፣ እኔም አላውቅም። ዋጋ እንዳልጨምር ደግሞ ሱቅ በ900 ብር ይሸጣል። ስንት ልበል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ብሩን የትም አላደረግሽውም። ባለቤትሽም ይስማ። በስልክ የነገርሽኝን ቁጥሮች ይዤ ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩት፣ የጎደለው ብር እያንዳንዱ የገባበት ቦታ ታየኝ። አብረን እንየው።

ከኪሎው እንጀምር። 10 ኪሎ ዛላ ገዛሽ። ጭራውን ቀንጥሰሽ፣ የተበላሸውን ለይተሽ ስትመዝኚው 8 ኪሎ ከ600 ሆነ። እዚህ ጋ ብቻ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ሄደ። በ550 ብር ሂሳብ 770 ብር ማለት ነው፤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የገባ 770 ብር። ከዚያ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እርጥበቱ ይወጣል፣ ኪሎው እንደገና ይቀንሳል። አንቺ ደግሞ «ቅመም ስለምጨምርበት ኪሎው ይካካሳል» ብለሽ አሰብሽ። ሐሳቡ ልክ ነው፣ ግን በግማሽ ብቻ ነው የሚሠራው። ያስገባሽው 1 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 ኪሎ ዝንጅብልና 1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ገበያ ላይ 3 ኪሎ ነው፤ አብዛኛው ግን ውኃ ነው። ከበርበሬው ጋር ተደልዞ፣ አድሮ፣ እንደገና ስጥ ላይ ሲደርቅ ሦስቱም ተደምረው 1 ኪሎ አይሞሉም። ኪሎ የሚጨምሩልሽ ደረቆቹ ናቸው፤ ኮረሪማው፣ ሁለቱ አዝሙድ፣ በሶብላው፣ ጨውም። በመጨረሻ ከወፍጮ የወጣው 9 ኪሎ ተኩል ነው።

ስለዚህ ወጪሽን በ10 ማካፈል ስህተት ነው። በ9 ተኩል ማካፈልም ስህተት ነው። ግማሽ ኪሎ ለአማትሽ ሰጥተሻል፣ ያልተሸጠ ኪሎ ብር አያመጣም። አካፋይሽ 9 ነው። ይህን ቁጥር ያዢው፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በ9 ነው የሚካፈለው።

(አማትሽን አትስጪ አላልኩም። የአማት በርበሬ የሚቀር ነገር አይደለም። ግን ስትሰጪ ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ከዚያው ጆንያ ለቤታችሁ ወጥ የምትዘግኚውንም ጻፊ። የቤት አስቤዛ ላይ የሚጻፍ እንጂ ከንግዱ ዝም ብሎ የሚጠፋ መሆን የለበትም።)

አሁን ወደ ወጪው። ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽው ዛላና ቅመም ብቻ ነው፣ 6,830 ብር። በስልክ ስጠይቅሽ ደግሞ ከመርካቶ በራይድ መጣሁ አልሽኝ፣ 400 ብር። ወፍጮ ቤት ደርሶ መልስ 100 ብር። ወፍጮው ራሱ 250 ብር። ለማመሻ ከሰል 100 ብር። ላስቲክና ተለጣፊ ወረቀት 150 ብር። እነዚህን «ትንንሽ ናቸው» ብለሽ ዘለልሻቸው። ሲደመሩ 1,000 ብር ናቸው። ጠቅላላ ወጪሽ 7,830 ብር ሆነ።

9 ኪሎ በ850 ብር ሸጥሽ፣ 7,650 ብር። 7,830 አውጥተሽ 7,650 አስገባሽ ማለት ነው። 180 ብር ከስረሻል እህቴ፣ ያውም የጉልበትሽን ሳንቲም ሳንቆጥር።

እጅሽ ላይ ለምን ከዚህም ያነሰ ብር እንደተገኘ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ 2 ኪሎ በዱቤ ነው የሄደው። «ደሞዝ ሲወጣ» ያሉሽ ሁለቱ ጓደኞችሽ 1,700 ብር ይዘውብሻል። በእጅሽ የገባው 5,950 ብር ነው። ዛላው ደግሞ በሁለተኛው ዙር 600 ብር ገብቷል፤ 10 ኪሎ 6,000 ብር። ነጭ ሽንኩርት ሳትገዢ፣ ራይድ ሳትጠሪ፣ ለዛላው ብቻ 50 ብር ጎደለሽ። «ለዛላው እንኳ የሚበቃ ብር የለም» ያልሽው በትክክል ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ብዙ እናቶች የሚወድቁበት ቦታ ስለሆነ። በርበሬሽን ዋጋ ስታወጪለት ዛላውን የገዛሽበትን ዋጋ አትይ፤ የሚቀጥለውን ዛላ የምትገዢበትን ዋጋ እዪ። የዛሬው ሽያጭ የሚከፍለው የነገውን ዛላ ነው። ስለዚህ ለደንበኞችሽ ዋጋ ከመጻፍሽ በፊት በርበሬ ተራ ለምታውቂያት ነጋዴ ደውዪና «ዛሬ ማረቆው ስንት ገባ?» በያት። የሁለት ደቂቃ ስልክ ነው። 50 ብር በኪሎ ጨምሮ ከሆነ ለ10 ኪሎ 500 ብር ነው፣ በ9 ሲካፈል በያንዳንዱ ኪሎ ወደ 56 ብር ይሆናል። ያንን ዛሬ ካልጨመርሽ በሚቀጥለው ዙር ከኪስሽ ትከፍዪዋለሽ። አዲሱ ምርት ከኅዳር ወዲህ ሲገባ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ዛላው ይወደዳል፣ ፀሐይም የለም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዋጋ ይዞ መቀጠል አይቻልም።

አሁን ወደ ጉልበትሽ እንምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ እንከራከር ይሆናል። በስልክ «ቤት ውስጥ ሆኜ ነው የምሠራው፣ ልጆቼን እያየሁ ነው፣ ጉልበቴን ምን ልቆጥረው» ብለሽኛል። ቁጠሪው። የምልሽ ለክብር ብዬ አይደለም፣ ለሂሳብ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ልጅሽ ትኩሳት ያዘው እንበል። ዛላው ተገዝቶ መጥቷል፣ ደንበኞች ቀን ቆጥረው ይጠብቃሉ። ያኔ አንዲት ሴት ጠርተሽ «ቀንጥሺልኝ» ማለት አለብሽ። ለሷ የምትከፍዪው ብር ከየት ይመጣል? ጉልበትሽ ዋጋው ውስጥ ካለ ከዚያ ይወጣል። ከሌለ ወይ በኪሳራ ትከፍዪያለሽ፣ ወይ የታመመ ልጅ አቅፈሽ በበርበሬ እጅ ሌሊቱን ትቀነጥሻለሽ።

ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እንቁጠር። መቀንጠስና መለየት 5 ሰዓት። ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ዝንጅብል መፋቅ፣ መውቀጥ 3 ሰዓት። መደለዝ፣ ማስጣት፣ ማገላበጥ፣ ማስገባት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሆኖ በድምሩ 2 ሰዓት። ማመስ 1 ሰዓት። ወፍጮ ቤት ሄዶ ተራ ጠብቆ መመለስ 3 ሰዓት። መመዘን፣ ማሸግ፣ ማስረከብ 2 ሰዓት። 16 ሰዓት ሆነ። አንቺ ግን የፈጀብሽ ከዚያ በላይ ነው፣ አውቃለሁ። ልጁ ይነሣል፣ ታቆሚያለሽ፣ እጅሽን ትታጠቢያለሽ፣ ጡት ታጠቢያለሽ፣ ታስተኚያለሽ፣ ትመለሻለሽ። ያ ሁሉ ተደምሮ 22 ወይ 24 ሰዓት ሊሆን ይችላል። የኔ ምክር 16ቱን ብቻ ቁጠሪ ነው። ተጨማሪው የልጅ ማሳደግ ሰዓት ነው፣ ደንበኛ አይከፍልበትም። 16ቱን ግን ይከፍልበታል፣ ምክንያቱም ማንም ሰው ቢሠራው ያን ያህል ይፈጃል።

የሰዓቱን ዋጋ ከሰፈርሽ ውሰጂ። ለቀን ሥራ የምትመጣው ሴት 400 ብር እንደምትጠይቅ ነግረሽኛል። በ8 ሰዓት ሲካፈል 50 ብር። 16 ሰዓት 800 ብር። በ7,830 ላይ ሲጨመር 8,630 ብር። በ9 ሲካፈል 959 ብር። ከዚህ በታች የምትሸጪው እያንዳንዱ ኪሎ አንቺን በነፃ እያሠራሽ ነው ማለት ነው።

በ959 ላይ ደግሞ ወደ 90 ብር ጨምሪ። ይህ ለዛላ ጭማሪና ለክፉ ቀን ነው። ክፉ ቀን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ከራሴ ልንገርሽ። ልጆቼ ትንንሽ እያሉ እኔም በርበሬ እሸጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሳልመዝን ወፍጮ ቤት ሰጥቼ፣ ልጄ ስላለቀሰች ሳልጠብቅ ወደ ቤት ሄድኩ። ማታ ስመለስ ጆንያው ቀለል አለኝ። ቤት መዝኜ ከገመትኩት ወደ 2 ኪሎ ጎደለ። ሄጄ ስጠይቅ «ወፍጮው ውስጥ ይቀራል» አሉኝ። ትንሽ ይቀራል፣ እውነት ነው፤ 2 ኪሎ ግን አይቀርም። ግን ሳስገባ ስላልመዘንኩ የምናገርበት አፍ አልነበረኝም። የዚያ ወር ትርፌ እዚያ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሳስገባ እነሱ ፊት አስመዝናለሁ፣ እስኪያልቅ ቆሜ እጠብቃለሁ።

እንግዲህ 1,050 ብር። ያንቺ የአሁኑ ዋጋ ይሄ ነው። ግማሽ ኪሎውን 540 በዪ እንጂ 525 አትበዪ፣ ላስቲኩም ማሸጉም ማድረሱም እጥፍ ነውና። ሞተረኛ ልጅ የሚያደርስልሽ ከሆነ የማድረሻውን ተቀባዩ ይክፈል፣ በርበሬው ዋጋ ውስጥ አታስገቢው። ፒያሳ ያለችውና አያት ያለችው ደንበኛሽ አንድ ዓይነት የማድረሻ ዋጋ ሊከፍሉ አይገባም።

«ሱቅ 900 ነው» ትያለሽ። አዎ ነው። ከሱቅ ጋር በዋጋ ልትወዳደሪ አትችዪም፣ አትሞክሪውም። ሱቁ የሚሸጠው በብዛት የተፈጨውን ነው። ከብዛቱ የተነሣ ራይድም ከሰልም በያንዳንዱ ኪሎ ላይ ብዙ አይከብድበትም። ዋጋ ለማውረድ አንድ ቀላል መንገድ አለ፣ እሱም ጨው ማብዛት ነው። አንቺ 10 ኪሎ ዛላ ላይ 700 ግራም ጨው ነው ያደረግሽው። 2 ኪሎ ብታደርጊ ኪሎሽ ከ10 ይበልጣል፣ ዋጋሽም ቁልቁል ይወርዳል። እባክሽ እንዳታደርጊው። ደንበኛሽ ወጡን ስትሠራ ጨው ሳትጨምር ጨው ይበዛባታል፣ ሁለተኛ አትመጣም። ያንቺን በርበሬ የምትገዛው ሴት የምትከፍለው ማን እንደቀነጠሰው፣ ምን እንደገባበት ስለምታውቅ ነው። ስለዚህ ንገሪያት። የገባውን በሙሉ ላስቲኩ ላይ ጻፊ፣ የተፈጨበትን ቀንም ጻፊ።

ለነባር ደንበኞችሽ እንዲህ ብለሽ ላኪ፤ «ሰላም ናችሁ? የሚቀጥለው ዙር በርበሬ ቅዳሜ ይደርሳል። ዛላ ስለጨመረ ኪሎው 1,050፣ ግማሽ ኪሎ 540 ብር ሆኗል። የምትፈልጉትን እስከ ረቡዕ ንገሩኝ፣ ግማሹን ክፍያ በቴሌብር ስትልኩ ስማችሁን እጽፋለሁ።» በቃ። ይቅርታ አትጠይቂ፣ አታስረዝሚው። ቀብዱ ሁለት ነገር ይሠራልሻል። አንደኛ ዛላውን በነሱ ብር ትገዣለሽ። ሁለተኛ ዱቤው በግማሽ ይቀንሳል። ቀብድ የማይልክ የቅርብ ዘመድ ካለ ስጪው፣ ግን በአንድ ዙር ከ1 ኪሎ በላይ በዱቤ እንዳይወጣ ለራስሽ ወስኚ።

ሁሉም በ1,050 አይገዛሽም። ምናልባት ከ9 ኪሎው 5ቱ ብቻ ይታዘዝ ይሆናል። ያኔ 5 ኪሎ የሚያወጣ ዛላ ብቻ ግዢ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ 5 ኪሎ ብትሠሪም ራይዱ ያው 400 ነው፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ መልሱም ያው ነው። 500 ብር በ9 ሲካፈል 56 ብር፣ በ5 ሲካፈል 100 ብር ነው። ስለዚህ ጎረቤትሽም ዛላ የምትገዛ ከሆነ አብራችሁ ሂዱ፣ ራይዱን ተካፈሉት። ወይም ከመርካቶ ይልቅ ሾላ ሄደሽ አጣሪ። ዛላው በኪሎ 20 ብር ቢወደድም በትንሽ መጠን ከሆነ መንገዱ ካጠረልሽ ሊያዋጣሽ ይችላል። ደምረሽ እዪው።

አሁን ከሁሉ በላይ ላንቺ ይሆናል ብዬ የማስበውን ልንገርሽ። ዛላ ገዝተሽ በርበሬ አትሽጪ፤ ቢያንስ ልጁ ሁለት ዓመት ተኩል እስኪሞላው። ይልቅ የሰው ዛላ አዘጋጂ። በደብዳቤሽ ካነሣሻቸው የመሥሪያ ቤት ጓደኞችሽ ውስጥ ራሳቸው ዛላ መርጠው መግዛት የሚወዱ፣ ወይም ከገጠር ከዘመድ የሚመጣላቸው፣ ግን ለመቀንጠስ ጊዜ የሌላቸው መኖራቸው አይቀርም። ዛላውንና ቅመሙን እነሱ ያምጡ፣ አንቺ የሥራ ዋጋ ተቀበዪ።

ስንት? ጉልበትሽ 800፣ ወፍጮ 250፣ መንገድ 100፣ ከሰል 100፤ ለ10 ኪሎ 1,250 ብር ነው። በኪሎ 125 ብር። 150 ብር በዪ። ለ10 ኪሎ 1,500 ብር ታገኛለሽ። ከዚያ ውስጥ የወፍጮ፣ የመንገድና የከሰል 450 ሲቀነስ 1,050 ብር በእጅሽ ይቀራል። የራስሽን በርበሬ በ1,050 ብትሸጪ ዛላው 600 ስለገባ ወጪሽ 8,330 ይሆናል፤ ከ9,450 ላይ ሲቀነስ 1,120 ብር ይቀርሽ ነበር፣ በ70 ብር ብቻ ይበልጣል። ግን ለዚያ 70 ብር 8,330 ብር ታስይዣለሽ፣ ዱቤ ትጠብቂያለሽ፣ ዛላው ቢጨምር፣ ቢሻግት፣ ባይሸጥ ያንቺ ነው። በሥራ ዋጋው ግን ከኪስሽ የሚወጣው 450 ብር ብቻ ነው፣ እሱንም ቀድመሽ ልትቀበዪ ትችያለሽ። አሁን ላለሽበት ሁኔታ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ለእቁብ የሚሆን ብር ከዚህ ይወጣል፤ እቁቡ ሲደርስሽ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የራስሽን ዛላ ትገዥበታለሽ።

አንድ ነገር ግን አጥብቂ። የሰው ዛላ ስትቀበዪ ባለዛላዋ ፊት መዝኚ፣ ቀንጥሰሽ ስትጨርሺ የጭራውንና የተበላሸውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪላት፣ ከወፍጮ ሲወጣም መዝነሽ ላኪላት። «10 ኪሎ ሰጥቼ 9 ተኩል መለሰችልኝ» የሚል ወሬ ሰፈር ከገባ አይወጣም። ከመጀመሪያው «ከ10 ኪሎሽ ከ9 እስከ 10 ኪሎ ይወጣል፣ እንደ ዛላው ድርቀት» ብለሽ ንገሪያት።

ድርቀቱን እንዴት ታውቂያለሽ? አንድ ዛላ አንሥተሽ ጆሮሽ አጠገብ ነቅንቂው። ደረቅ ከሆነ ፍሬው ሲንኳኳ ይሰማል፣ ስታጥፊውም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንደ ቆዳ እየታጠፈ የማይሰበር ከሆነ እርጥበት አለው፤ አንዳንዱ ነጋዴ እንዳይሰባበርና እንዲከብድ ውኃ ይረጭበታል። እርጥብ ዛላ በ550 ከመግዛት ደረቁን በ580 መግዛት ይሻላል፣ ውኃውን በበርበሬ ዋጋ አትግዢ። ከጆንያው መካከል አምስት ስድስት ዛላ አውጥተሽ በእጅሽ ሰንጥቂያቸው። ውስጡ ላይ ግራጫ ወይ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው። ላዩ ቀይ ሆኖ ያምራል፣ ውስጡ ሄዷል። እሱን አጥቦ፣ አምሶ መሸጥ አይቻልም፤ ሻጋታው ሊተወው የሚችለው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በማመስም በወጥ እሳትም አይጠፋም፣ ጉበት ይጎዳል። ልጆችሽም የሚበሉት እሱኑ ነው። የሰው ዛላም ቢሆን ሻጋታ ካየሽ ለባለቤቷ ንገሪያትና መልሺላት።

ስለ ልጆቹ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ትልቋ «እማ እኔም ልቀንጥስ» እያለች እየመጣች እንደምታስቸግርሽ ነግረሽኛል። ጭራ ብቻ ብትሰጫትም ዓይኗን ታሻለች። እኔ ቤት የሆነው ይሄው ነው፤ ልጄ ከሰፌዱ ላይ አንዲት ዛላ አንሥታ ሰባበረችና በዚያው እጇ ዓይኗን አሸች። ሮጬ በውኃ አጠብኳት፣ እየጮኸች። የኔም እጅ በርበሬ ነበር፣ አባባስኩት። ያኔ የተማርኩት፣ የበርበሬው የሚያቃጥለው ነገር በውኃ ብቻ አይለቅም፣ ቅባት ነው የሚያወጣው። ሥራ ስታቆሚ እጅሽን መጀመሪያ በምግብ ዘይት እሺው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ፣ ከዚያ ልጁን አንሺ። ቀጭን ጓንት መግዛት ከቻልሽ ደግሞ ግዢ፣ ወጪው ላስቲክና ተለጣፊ ወረቀት ባልሽው ውስጥ ይግባ። መቀንጠሱን ትንሹ በሚተኛበት ሰዓት አድርጊው። ማመሱን ግን ሁለቱም ቤት በሌሉበት ቀን አድርጊ፣ አማትሽ ጋ ወይ ጎረቤት ጋ ሲሆኑ። ጭሱ ለኛም ያስላል፣ ለነሱማ።

በምታምሺበት ቀን ልጆቹን ከያዘችልሽ አማትሽ ግማሽ ኪሎዋ ይገባታል፤ ያኔ ደብተሩ ላይ በቤት አስቤዛ ሳይሆን በሥራ ወጪ ጻፊላት። ሁለተኛውን ዙር ስትጨርሺ ቁጥሩን ይዘሽ ደውዪልኝ፤ ያስገባሽው ኪሎ፣ ከወፍጮ የወጣው ኪሎ፣ የተሸጠው ኪሎ። ሦስቱን ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላውን አብረን እንደምራለን።